አንድ ዓይነት ውጤት፣ የተለያየ ጂፒኤ

አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የገባ ልጅ ካላችሁ ብዙ ቦታ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ጂፒኤ ታያላችሁ። አንዱ ከ4 አያልፍም። ሌላው ሊያልፍ ይችላል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ጣራው 4 መሆኑን ስለሚያውቅ 4.14 ሲያይ ስህተት ይመስለዋል። ስህተት አይደለም። ይሄኛው ዌይትድ የሚባለው ነው፤ ከበድ ያሉ ኮርሶች ላይ ተጨማሪ ነጥብ ይታሰባል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ናቸው። ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ወጥቶ፣ ወዲያው ደግሞ የአሥራ አንደኛ ክፍል ኮርስ ምርጫ ወረቀት መጣ። እዚህ ወረቀቱ በብርዱ ወራት ነው የሚመጣው፣ ገና ግማሽ ዓመት እየቀረ። ታላቅ እህቴ ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው ያለችው፤ የሷም ልጅ አሥረኛ ክፍል ነበር። እንግዲህ ሁለት እህትማማቾች እኩያ ልጆች ካሏቸው ምን እንደሚያወሩ ታውቃላችሁ።

የልጄ ዌይትድ ለዚያ ሴሚስተር 4.14 ነበር። የእህቴ ልጅ 3.93። እህቴ ስልክ ላይ ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለብኝ። «ልጁ እየሰነፈ ነው መሰለኝ» አለች። እኔ ግን ነገሩ ስላልተዋጠልኝ የሁለቱን ውጤት በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩት። የሁለቱም አንድ ነው! አራት ኤ፣ ሦስት ቢ። ሁለቱም አንድ ኤፒ፣ ማለትም የኮሌጅ ደረጃ ያለው ኮርስ፣ እና ሦስት ኦነርስ፣ ማለትም ከተራው ከበድ ያለ ኮርስ፣ ነው የያዙት፤ የቀረው ሬጉላር፣ ተራው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህን ለማወቅ ስሌቱን መሥራት ነበረብኝ፣ እዚህ የማካፍላችሁም እሱን ነው። ትልቅ ሒሳብ አይደለም፣ መደመርና ማካፈል ነው።

ልጄ ሰባት ኮርስ ነበራት። ኦነርስ እንግሊዝኛ ቢ። ኤፒ ገቨርንመንት ቢ። ኦነርስ አልጀብራ 2 ኤ። ኦነርስ ኬሚስትሪ ቢ። ስፓኒሽ 2፣ ስፖርት እና ኳየር ሦስቱም ሬጉላር፣ ሦስቱም ኤ።

መጀመሪያ አንዌይትድ የሚባለውን እንሥራ፣ ማለትም ተጨማሪ ነጥብ የሌለበትን። ኤ 4 ነው፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1። አራት ኤ 16 ይሆናል፣ ሦስት ቢ 9። ድምሩ 25። ለ7 ሲካፈል 3.57። ይሄኛው ኮርሱ ይክበድ ይቅለል አይጠይቅም፤ ስፖርት ላይ ያገኘችው ኤ እና አልጀብራ ላይ ያገኘችው ኤ እኩል ናቸው።

አሁን ዌይትዱ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ኦነርስም ሆነ ኤፒ ላይ እኩል ነው የሚጨምረው፣ አንድ ሙሉ ነጥብ። ኤ 5 ይሆናል፣ ቢ 4፣ ሲ 3። የልጄ ተጨማሪ ነጥብ ያላቸው ኮርሶች አራት ስለሆኑ 25 ላይ 4 ጨምሩበት፣ 29። ለ7 ሲካፈል 4.14።

ፌርፋክስ ደግሞ ለኤፒ አንድ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል፣ ለኦነርስ ግን ግማሽ ብቻ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ 25 ላይ የሚጨመርለት ከኤፒው 1፣ ከሦስቱ ኦነርስ 1.5 ነው። 27.5 ለ7 ሲካፈል 3.93። በቃ ይኸው ነው። ልጁ አልሰነፈም። ወንዙን ቢሻገርና ሲልቨር ስፕሪንግ ቢማር ኖሮ ያው ውጤት 4.14 ይሆንለት ነበር። በነገራችን ላይ ፌርፋክስ ሌላም ልዩነት አለው፤ እዚያ ኤ ማይነስና ቢ ፕላስ የሚባሉት ይቆጠራሉ፣ ኤ ማይነስ 3.7 ነው። እኛ ጋ ኤ ኤ ነው፣ ከላይም ይሁን ከታች።

ለእህቴ ስሌቱን ልኬላት ስትመለከተው «ይሄን ማን ይነግረናል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚታየው፣ የተሠራበት ሕግ ሌላ ቦታ ነው የሚጻፈው፣ በየካውንቲው የኮርስ መጽሐፍ ውስጥ። ልጃችሁ የሚማርበት ካውንቲ መጽሐፉን ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል፤ የምትፈልጉት ገጽ ስለ ዌይትድ ጂፒኤ የሚያወራው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ትንሽዬ ሰንጠረዥ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ሲገርመኝ ነበር፣ እሱም የኳየሩ ጉዳይ ነው። ልጄ ኳየር ላይ ኤ አላት። ኤ ከማግኘት በላይ ምንም ማድረግ አትችልም። ግን ኳየር ሬጉላር ስለሆነ 4 ነው የሚታሰበው፣ የሷ አማካይ ደግሞ 4.14 ነው። ስለዚህ ኤ ያገኘችበት ኮርስ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ኳየሩን ብናወጣው 25 ለ6 ሲካፈል 4.17 ይሆናል። ዘፍና ኤ አምጥታ ጂፒኤዋ ወረደ ማለት ነው። ልጆቹ ይሄን ከእኛ ቀድመው ነው የሚያውቁት። ልጄ ጓደኞቿ ኳየርና አርት እየተዉ እንደሆነ ነግራኛለች፣ «ዌይትዴን እያወረደው ነው» እያሉ። ከ4 በላይ የሆነ ማንኛውም ልጅ ላይ ሬጉላር ክፍል ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፣ ስፖርትም ጭምር፣ እሱ ደግሞ ለመመረቅ ግዴታ ነው። ለዚህ ነው እኛ ካውንቲ ውስጥ በተግባር ንጹህ 5.0 ይዞ የሚመረቅ ልጅ የማይገኘው። አስቡት፣ በአራት ዓመት 28 ክሬዲት ወስዶ፣ አራቱ ብቻ ሬጉላር ሆነው፣ ሁሉም ላይ ኤ ቢያገኝ እንኳ 4.86 ነው የሚደርሰው።

ታዲያ ኳየሩን በኤፒ እንተካው ወይ? እኛ ቤት ብዙ ቀን የተወራው ይሄ ነበር። በስሌት ስናየው እንዲህ ነው። በኳየር ፈንታ ኤፒ ሳይኮሎጂ ብትወስድና ኤ ብታገኝ የሴሚስተሩ ዌይትድ 4.29 ይሆናል፤ አንዌይትዱ አይነካም። ቢ ብታገኝ ግን ኤፒ ላይ ያለ ቢ 4 ስለሆነ ከኳየሩ ኤ ጋር እኩል ነው፣ ዌይትዱ እዚያው 4.14 ላይ ይቆያል፣ አንዌይትዱ ግን ከ3.57 ወደ 3.43 ይወርዳል። ማለትም ተጨማሪ ሥራ፣ ተጨማሪ የቤት ሥራ፣ ዌይትዱ ላይ ምንም፣ አንዌይትዱ ላይ ኪሳራ። ሲ ብትሆን ዌይትዱ 4.00፣ አንዌይትዱ 3.29።

ዲ ላይ ደግሞ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሞንትጎመሪ ውስጥ ተጨማሪው ነጥብ እስከ ሲ ድረስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ኤፒ ላይ ሲ 3 ነው፣ ዲ ግን ልክ እንደ ሬጉላሩ 1። ከሲ ወደ ዲ ሲወርድ ሁለት ነጥብ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ልጃችሁ ኤፒ ውስጥ ሲ እና ዲ መካከል እየዋለለ ከሆነ ቀድሞ ካውንስለሩን ማነጋገር ነው እንጂ «ኤፒ ነው፣ ነጥብ ይጨመርለታል» ብሎ መጽናናት አይሠራም።

እስካሁን ያወራነው ትምህርት ቤቱ ራሱ ስለሚሠራው ቁጥር ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ቁጥሩን ማን ያነበዋል የሚለው ነው። እኛ አበሾች ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደረጃ አያወጣም። አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል የለም፣ ትራንስክሪፕት ላይም አይጻፍም። ይሄ ለኳየሩ ጥያቄ ትልቅ መልስ ነው። ቴክሳስ ብንሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር፤ እዚያ ከ1997 ጀምሮ ባለው ሕግ ከክፍሉ የላይኛው 10 በመቶ ውስጥ የሆነ ልጅ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በቀጥታ ይገባል፣ ኦስቲን ያለው ዋናው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ብዙ አመልካች ስላለው ከዚያ ያነሰ በመቶኛ ነው የሚወስደው። እዚያ ደረጃው በዌይትድ ጂፒኤ ሲወጣ 0.03 አንድን ልጅ ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ሊያደርገው ይችላል፣ ስለዚህ ኳየር የሚተዉ ልጆችን አልፈርድባቸውም። እኛ ጋ ግን በ0.03 የሚበልጥ ወይም የሚያንስ የለም፤ ማንም አያወዳድረውም።

ከዚያ ደግሞ ብዙ ኮሌጆችና የስኮላርሺፕ ፕሮግራሞች የትምህርት ቤቱን ዌይትድ ጭራሽ አይጠቀሙበትም። ራሳቸው እንደገና ይሠሩታል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ሁለቱንም በልጄ ውጤት ሞክሬያቸዋለሁ።

አንደኛው ጆርጂያ ነው። አትላንታ ዙሪያ ዘመድ የሌለው አበሻ የለም መሰለኝ፣ እዚያ ያሉት ሁሉ ሆፕ ስለሚባለው ስኮላርሺፕ ያወራሉ። ስቴቱ የትምህርት ቤቱን ዌይት አውጥቶ ይጥለዋል። ከዚያ ዋና ዋና ትምህርቶችን ብቻ ይወስዳል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ እና የውጭ ቋንቋ። ስፖርትና ኳየር ቀሩ። ኤፒ የሆነ ዋና ትምህርት ላይ 0.5 ይጨምራል፣ ግን ኤ ላይ አይጨምርም፣ ምክንያቱም ከ4.0 በላይ እንዲሆን አይፈልግም። ኦነርስ ላይ ምንም የለም። የልጄን ሴሚስተር በዚህ ሕግ ስሠራው እንግሊዝኛ 3፣ ገቨርንመንት 3.5፣ አልጀብራ 4፣ ኬሚስትሪ 3፣ ስፓኒሽ 4። ድምሩ 17.5፣ ለ5 ሲካፈል 3.5። ሆፕ የሚጠይቀው 3.0 ስለሆነ ታልፋለች። ከፍ ያለው ዜል ሚለር የሚባለው ደግሞ 3.7 እና የፈተና ውጤት ይጠይቃል፣ እዚያ አትደርስም። 4.14 ይዛ 3.7 የሚል መስፈርት ላይ መውደቅ! ይሄን ሳይሠራ 4.14ን አይቶ የተዝናና ቤተሰብ ይደነግጣል። (እኛ ጆርጂያ ስለማንኖር ሆፕ አይመለከተንም፤ እዚያ ላላችሁ ነው።)

ሁለተኛው ካሊፎርኒያ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም በርክሊ፣ ዩሲኤልኤ እና ሌሎቹ ካምፓሶች፣ ዘጠነኛ ክፍልን ስሌቱ ውስጥ አያስገቡም። አሥረኛና አሥራ አንደኛን ነው የሚያዩት። ስፖርት አይቆጠርም፣ ኳየር ግን ይቆጠራል፣ አርት የሚፈልጉት ትምህርት ስለሆነ። ከካሊፎርኒያ ውጭ የሚማር ልጅ ተጨማሪ ነጥብ የሚያገኘው ኤፒ ወይም እንደ ኤፒ ከባድ የሆነው አይቢ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ብቻ ነው። የኛ ካውንቲ ኦነርስ እነሱ ጋ ሬጉላር ነው። ተጨማሪው ነጥብም ቢሆን ገደብ አለው፣ ከ8 ሴሚስተር በላይ አይቆጠርም፣ ከዚያም ውስጥ የአሥረኛ ክፍሉ ከ4 መብለጥ የለበትም። ልጄን በዚህ ስሠራት ስድስት ኮርስ፣ 21 ነጥብ፣ ከኤፒው 1 ተጨምሮ 22፣ ለ6 ሲካፈል 3.67። ከሌላ ስቴት የሚያመለክት ልጅ ቢያንስ 3.4 ያስፈልገዋል፣ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ደግሞ 3.0። ይሄ ማመልከት ለመቻል ብቻ ነው፤ የሚገቡት ልጆች ውጤት ከዚያ በጣም ይበልጣል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ውጤት፣ አንድ ሴሚስተር፦ 4.14፣ 3.93፣ 3.67፣ 3.57፣ 3.5። ሁሉም ትክክል ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኦነርስ በእኛ ካውንቲ ከኤፒ እኩል ዋጋ አለው፣ ከካውንቲው ሲወጣ ግን ዋጋው ይወርዳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። የአገር ቤት ብር ይዞ ዱባይ እንደመሄድ ነው። ስለዚህ የአሥራ አንደኛ ክፍል ወረቀት ላይ ኦነርስ እንግሊዝኛ ወይስ ኤፒ ላንጉጅ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ያየነው በዚህ መንገድ ነው።

ልጅቷ ኦነርስ ብትወስድ ኤ፣ ኤፒ ብትወስድ ቢ የምታገኝ ከሆነ፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ ኦነርሱ 5፣ ኤፒው 4። ፌርፋክስ ውስጥ 4.5 እና 4። ጆርጂያ 4 እና 3.5። ካሊፎርኒያ ላይ እኩል ነው፣ 4 እና 4። ከቁጥር አንጻር ብቻ ካያችሁት የትም ቦታ ኤፒው አያሸንፍም። ነገር ግን ሁለቱም ላይ ቢ የምታገኝ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ሞንትጎመሪ ላይ እኩል ናቸው፣ 4 እና 4፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ግን ኤፒው ይበልጣል፣ ፌርፋክስና ጆርጂያ በግማሽ፣ ካሊፎርኒያ በአንድ ሙሉ ነጥብ። ሁለቱም ላይ ኤ የምታገኝ ከሆነ ደግሞ ኤፒው አይጎዳም፣ አንዳንድ ቦታ ይጠቅማል። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ «ኤፒ ትችያለሽ ወይ?» አይደለም። «ከኦነርስ ወደ ኤፒ ስትሄጂ ፊደሉ ይቀየራል ወይ?» ነው። ይሄን ደግሞ ከእኔም ከሷም የተሻለ የሚያውቀው አሁን የሚያስተምራት አስተማሪ ነው። ልጄ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋን ሄዳ ጠየቀቻት። «ቢ ያለሽ ጽሑፍሽ ደክሞ አይደለም፣ በጊዜ ስለማታስረክቢ ነው፤ ኤፒም ብትወስጂ ቢ ነው፣ ኦነርስም ብትወስጂ ቢ ነው» አለቻት። እንዲህ ዓይነት ቀጥተኛ አስተማሪ አይጥፋ! ኬሚስትሪ አስተማሪዋ ደግሞ ኤፒ ፊዚክስ ላይ ሲ ሊመጣ ይችላል ብሎ ኦነርሱን መከራት።

ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃም ማወቅ ያስፈልጋል። ኮመን አፕ በሚባለው ማመልከቻ ካውንስለሩ የራሱን ፎርም ይሞላል፣ እዚያ ላይ ልጁ የወሰዳቸው ኮርሶች ትምህርት ቤቱ ካለው ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበሩ ምልክት ያደርጋል። ከትራንስክሪፕቱ ጋርም የትምህርት ቤቱ ፕሮፋይል የሚባል ወረቀት ይላካል፤ ትምህርት ቤቱ ስንት ኤፒ እንዳለው፣ ዌይቱ እንዴት እንደሚሰላ፣ ደረጃ እንደማያወጣ ሁሉ ተጽፎበታል። ስለዚህ አንባቢው 4.14 ከየት እንደመጣ ያውቃል። በእኛ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ለሁሉም ልጅ ኦነርስ ነው፣ ሬጉላር የሚባል የለም። አንዷ ነጥብ ለሁሉም የታደለች ናት ማለት ነው፣ አንባቢው ይሄንንም ከፕሮፋይሉ ላይ ያያል። ያንን ወረቀት ካውንስለሩን ጠይቃችሁ አንብቡት፤ ብዙ ትምህርት ቤት ድረ ገጹ ላይም ያስቀምጠዋል።

የኤፒ ፈተናው ራሱ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ወላጅ ያደባልቀዋል። ፈተናው ግንቦት ላይ ነው፣ ከ1 እስከ 5 ይታረማል፣ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ጂፒኤ ውስጥ የሚገባው አስተማሪው የሰጠው ፊደል ነው። ክፍል ውስጥ ኤ አግኝቶ ፈተናው ላይ 2 ያመጣ ልጅ 5 ነጥቡ አይነካበትም። ፈተናው የሚጠቅመው በኋላ ኮሌጁ ክሬዲት ከሰጠው ነው።

ጎረቤቴ ልጅዋን ከአዲስ አበባ ያመጣችው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች በሚሰጠው ፕሮግራም፣ ኢሶል በሚሉት፣ ነው የጀመረው። የያዛቸው የእንግሊዝኛ ክፍሎች ተጨማሪ ነጥብ አልነበራቸውም፣ ሌሎቹም ሬጉላር ነበሩ፣ ሒሳቡ ብቻ ኦነርስ። ልጁ ሰባቱም ላይ ኤ አመጣ። ስድስት ጊዜ 4፣ አንድ 5፣ 29። ለ7፣ 4.14። ከልጄ ጋር እኩል! ሦስት ቢ ያላት የኔ ልጅና አንድም ቢ የሌለው የሷ ልጅ ዌይትዱ ላይ አይለዩም። አንዌይትዱ ላይ እሱ 4.0፣ እሷ 3.57። ጎረቤቴ «ሰው ሁሉ 4.5፣ 4.6 እያለ የኔ ልጅ ወደ ኋላ ቀረ» ብላ ስታዝን ይሄን አሳየኋት። ልጁ ያገኘው በያዛቸው ኮርሶች ሊያገኝ የሚችለውን የመጨረሻውን ቁጥር ነው። በኢሶል የጀመረ ልጅ ካላችሁ ቁጥሩን ከሌላው ጋር ከማወዳደር ይልቅ መቼ ወደ ኦነርስ ክፍሎች እንደሚያዛውሩት ካውንስለሩን ጠይቁ፣ በተለይ ሒሳብና ሳይንስ ላይ፣ እዚያ እንግሊዝኛው እስኪሞላ መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል።

አንድ ኮርስ ምን ያህል ያንቀሳቅሳል የሚለውም ብዙ ጭንቀት ያወርዳል። ለኮሌጅ የሚያመለክቱት አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ የሚታየው እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ ያለው ነው። ሰባት ኮርስ በስድስት ሴሚስተር 42 ፊደል ነው። አንዱ ፊደል ከኤ ወደ ቢ ቢቀየር አንድ ነጥብ ለ42 ተካፍሎ 0.02 ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢቀየር 0.05 ገደማ። ስለዚህ ኳየር ትተው ኤፒ ሳይኮሎጂ ገብተው ዓመቱን ሙሉ ኤ ቢያመጡ እንኳ ትርፉ እሱው 0.05 ነው። ልጄ ይሄን ካየች በኋላ ስለ ኳየር ማውራት አቆመች፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጋ አለፈች።

በመጨረሻ የመረጠችው ኤፒ ላንጉጅ፣ ኦነርስ ፕሪካልኩለስ፣ ኦነርስ ፊዚክስ፣ አንድ ኤፒ ታሪክ፣ ስፓኒሽ 3፣ ኳየር እና ለመመረቅ የምትፈልገውን የቴክኖሎጂ ኮርስ ነው። እህቴ ጋ ደግሞ የተለየ ወጣ። እዚያ ኦነርስ ግማሽ ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁም ሳይንስ ላይ ፊደሉ እንደማይቀየር አስተማሪው ስለነገረው፣ ሁለት ኦነርሶችን ወደ ኤፒ ቀየሩ።

ውጤት ሲወጣ ራሳችሁ አንድ ጊዜ ሥሩት። ፓረንትቪው የሚባለው የወላጆች ድረ ገጽ ላይ ግቡ፣ የሴሚስተሩን ፊደሎች ጻፉ፣ በካውንቲያችሁ ሕግ ደምሩና አካፍሉ። ቁጥራችሁና የእነሱ ካልተገጣጠመ ልዩነቱ ራሱ ይነግራችኋል። ሰባት ኮርስ ባለበት ሴሚስተር ልዩነቱ 0.14 ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያለው ኮርስ እንደ ሬጉላር ተቆጥሯል ማለት ነው፣ ወይም እናንተ ሬጉላሩን ኦነርስ ብላችሁ ቆጥራችኋል። ፌርፋክስ ከሆናችሁ አንድ ኦነርስ ከተረሳ 0.07 ነው። የኮርሱን ስም ትራንስክሪፕቱ ላይ ተመልከቱ፣ ኦነርስ ወይም ኤፒ የሚለው ከስሙ ጋር ተጽፎ መታየት አለበት። ካልተጻፈ ለካውንስለሩ አጭር ኢሜይል ጻፉ፣ የኮርሱን ስም፣ ሴሚስተሩንና ስሌታችሁን አያይዛችሁ። ይሄን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይጀመር መጨረስ ጥሩ ነው፣ መስከረም ላይ ካውንስለሩ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው የሚውለው።